አንዱ ተመለሰ፣ ሌላው ጠፋ፦ የስቴብልኮይን «አንድ ዶላር» በምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ «የምሠራው ዱባይ ነው፤ ቁጠባዬን የማስቀምጠው በስቴብልኮይን ነው። በ2022 ዩኤስቲ የሚባለው ዜሮ ገባ። በ2023 ደግሞ ዩኤስዲሲ ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ በሦስት ቀን ተመለሰ። ሁለቱም አንድ ዶላር ነን ነበር የሚሉት። ልዩነታቸው ምንድን ነው? አሁን በአልጎሪዝም የሚሠራ አዲስ ኮይን ከጥሩ ወለድ ጋር እየቀረበልኝ ስለሆነ፣ በምን ልለየው?»

ምላሽ፦

ስቴብልኮይን ዋጋው ከአንድ ዶላር እንዳይርቅ ታስቦ የሚሠራ ዲጂታል ገንዘብ ነው፤ የትኛውም ግን በገበያ ላይ ዋጋው በአንድ ዶላር ተቸንክሮ አይቀመጥም። እንደ ጤፍና እንደ ወርቅ ሁሉ ዋጋውን የሚወስኑት በየደቂቃው የሚገናኙት ገዥና ሻጭ ናቸው። ወደ አንድ ዶላር እንዲመለስ የሚያደርገው ከገበያው ጎን የተከፈተ መስኮት ነው። በዚህ መስኮት አውጪው፣ ድርጅትም ይሁን ፕሮግራም፣ አንድ ኮይን ላመጣለት ሁሉ የአንድ ዶላር ዋጋ ያለው ነገር ለመስጠት ቃል ይገባል፤ ያንኑ ዋጋ ላመጣለት ደግሞ አዲስ ኮይን ይፈጥርለታል። ኮይኑ በገበያ ላይ 98 ሳንቲም ቢሆን፣ አንድ ነጋዴ 1 ሚሊዮን ኮይን በ980 ሺህ ዶላር ገዝቶ በመስኮቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ይቀበላል፤ 20 ሺህ ዶላር አተረፈ ማለት ነው። ይህን ትርፍ የሚያዩ ሌሎች ነጋዴዎችም ለመግዛት ስለሚሻሙ ዋጋው ይነሣል። ኮይኑ 1 ዶላር ከ2 ሳንቲም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ በመስኮቱ በአንድ ዶላር አዲስ ኮይን እያስፈጠሩ ገበያ ላይ ይሸጣሉ፣ ዋጋውም ይወርዳል።

እስከዚህ ድረስ ዩኤስዲሲና ዩኤስቲ አይለያዩም። የሚለያዩት ኮይኑን ይዞ ወደ መስኮቱ የመጣ ሰው በእጁ ምን ይዞ ይወጣል በሚለው ላይ ነው። እኔ ማንኛውንም ስቴብልኮይን ስመረምር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ መድረስ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻም መስኮቱ መቼ እንደሚዘጋ እጠይቃለሁ።

በመጠባበቂያ የሚደገፈው ዓይነት አሠራሩ ቀላል ነው። ደንበኛው ለአውጪው በባንክ ዶላር ያስተላልፋል፣ አውጪው በዚያው ልክ ኮይን ይፈጥርለታል፣ ዶላሩንም በባንክ ያስቀምጠዋል ወይም የአጭር ጊዜ የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛበታል። ከሰነዱ የሚገኘው ወለድ የአውጪው ገቢ ነው። ደንበኛው ኮይኑን ሲመልስ አውጪው በእጁ ካለው ጥሬ ገንዘብ ወይም ሰነድ ሸጦ ይከፍለዋል፣ ኮይኑም ይሰረዛል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መስኮቱ ጋ የሚደርሰው ሁሉም ሰው አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ በዚሁ ስም የሚጠራውን ስቴብልኮይን የሚያወጣው ድርጅት ቴዘር በቀጥታ የሚመነዝረው ተመዝግበው ማንነታቸው ለተረጋገጠ ደንበኞች ሲሆን ዝቅተኛው መጠን 100 ሺህ ዶላር ነው። እርስዎና እንደ እርስዎ ያለው አብዛኛው ባለቤት በአንድ ዶላር የሚሸጡት፣ መስኮቱ ጋ የሚደርስ ትልቅ ነጋዴ ስለሚገዛችሁ ነው። እሱ ከሸሸ ወይም መስኮቱ ከተዘጋበት፣ የእናንተ ዋጋ በዚያ ሰዓት የተገኘው ገዥ የሰጠው ዋጋ ነው።

የዚህ ዓይነት ኮይን አንዱ የመውደቂያ መንገድ መጠባበቂያው ተብሎ በተነገረው መጠን አለመኖሩ ነው። የአሜሪካው የሸቀጥ ወደፊት ግብይት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2021 ቴዘርን 41 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጣ ይፋ ያደረገው ግኝት፣ ከ2016 እስከ 2018 ባሉት በተመረመሩ 26 ወራት ውስጥ ኩባንያው በስርጭት ላይ ላለው ኮይን በቂ የዶላር መጠባበቂያ በሒሳቡ የነበረው ከቀናቱ በ27.6 በመቶው ብቻ እንደነበረ ነው። በእነዚያ ዓመታት ግን ኮይኑ በአብዛኛው በአንድ ዶላር አካባቢ ሲገበያይ ነበር። ይህ ከሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባ ነገር ይመስለኛል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ እስካልመጣ ድረስ የዋጋው መረጋጋት ስለ መጠባበቂያው ምንም አይነግረንም። በባንክ ሙያ ውስጥ የቆየ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ካዝናው የሚፈተነው ሰልፉ ከበር ሲያልፍ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መጠባበቂያው እያለ በሰዓቱ ለእጅ የማይደርስ መሆኑ ነው። የጠቀሱት የዩኤስዲሲ ጉዳይ ይህ ስለሆነ ቁጥሮቹን ቀስ ብለን እንያቸው።

ዓርብ ማርች 10 ቀን 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ በተቆጣጣሪዎች ተዘጋ። ባንኩ የደንበኞቹን ተቀማጭ ረጅም ጊዜ በሚፈጁ ቦንዶች ላይ አውሎ ነበርና፣ የወለድ ምጣኔ ሲጨምር የቦንዶቹ ዋጋ ወርዶ ተቀማጮች ሲጎርፉበት መክፈል አቃተው። በዚያው ሌሊት የዩኤስዲሲ አውጪ የሆነው ሰርክል፣ 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሚሆነው መጠባበቂያው ውስጥ 3.3 ቢሊዮኑ በዚያ ባንክ እንዳለ አስታወቀ። ቅዳሜ ጠዋት ኮይኑ ከ88 ሳንቲም በታች ሲሸጥ ነበር።

አሁን ስሌቱን እንሥራው። 3.3 ቢሊዮኑ በሙሉ ጠፋ ብለን ብናስብ እንኳ 36.7 ቢሊዮን ለ40 ቢሊዮን ኮይን ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ 92 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። በተግባር ደግሞ ከወደቀ ባንክ ተቀማጭ አንድም ሳንቲም አለማግኘት የተለመደ አይደለም። ታዲያ ገበያው ለምን ከዚያም በታች ወረደ? አንደኛው ምክንያት መስኮቱ መዘጋቱ ነው። ኮይኑ ዝውውሩ በሚመዘገብበት የኮምፒውተር መረብ፣ በብሎክቼን፣ ላይ ቅዳሜም እሑድም ሌሊቱንም ይገበያያል፤ ዶላሩ የሚተላለፍበት ባንክ ግን ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። አንድ ትልቅ የግብይት መድረክም ዩኤስዲሲን ወደ ዶላር መመንዘሩን እስከ ሰኞ አቆመ። በ88 ሳንቲም ገዝቶ በአንድ ዶላር የሚመነዝር ነጋዴ ሰኞ ድረስ መጠበቅ ነበረበትና፣ ሰኞ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ለዚያ ጥርጣሬ የሚክሰው ቅናሽ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰልፉ ጠባይ ነው። አውጪው ሰኞ መስኮቱን ከፍቶ ለመጣው ሁሉ ሙሉ አንድ ዶላር መክፈል ቢጀምር፣ ጉድለቱን የሚሸከሙት መጨረሻ የቀሩት ይሆናሉ። 20 ቢሊዮን ኮይን በሙሉ ዋጋው ከተመነዘረ በኋላ በካዝናው የሚቀረው 16.7 ቢሊዮን ለሌላው 20 ቢሊዮን ኮይን ነው፤ ይህም ለአንዱ 83.5 ሳንቲም ነው። 30 ቢሊዮን ከወጣ ደግሞ የቀሩት 67 ሳንቲም ብቻ ይደርሳቸዋል። ስለዚህ አማካዩ ኪሳራ 8 ሳንቲም ሆኖ ሳለ መጨረሻ የመቅረት ፍርሃት ከዚያ በላይ ዋጋ ያስከፍላል። በዚያ ቅዳሜና እሑድ በኪሳራ የሸጠ ሰው ሞኝ አልነበረም፤ የሰልፉን ስሌት በትክክል ያሰበ ሰው ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ዕለት ሰርክል ጉድለት ቢኖር ከራሱ ሀብት እንደሚሸፍን አስታወቀ። እሑድ ምሽት ደግሞ የአሜሪካ ግምጃ ቤት፣ ማዕከላዊ ባንኩና የተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅቱ የሲሊከን ቫሊ ባንክ ተቀማጮች ሁሉ ገንዘባቸውን በሙሉ እንደሚያገኙ በጋራ መግለጫ አወጡ፤ ሰኞ ኮይኑ ወደ አንድ ዶላር ተጠጋ። ስለዚህ ዩኤስዲሲን እዚያ ሰዓት ላይ ያዳነው የራሱ ንድፍ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ለባንኩ ሲል የወሰደው እርምጃ ጭምር ነው። ሆኖም መግለጫው ባይወጣ እንኳ ከታች ወለል ነበረው፦ ከክሪፕቶ ዓለም ውጪ የሚገኝ፣ ኮይኑ ቢታመንም ባይታመንም ዋጋው የማይለወጥ 36.7 ቢሊዮን ዶላር። ገዥዎች በ88 ሳንቲም ብቅ ያሉት ያ ወለል ስለታያቸው ነው።

ዩኤስቲ ያልነበረው ይህ ወለል ነው።

ዩኤስቲ የተፈጠረበት ቴራ በሚባለው ብሎክቼን ላይ የነበረው መስኮት አንድ ዩኤስቲ ላመጣ ሰው ዶላር አይሰጥም፤ የአንድ ዶላር ዋጋ ያለው ሉና አዲስ ፈጥሮ ይሰጠዋል። ሉና የዚያው ሥርዓት የራሱ ኮይን ነው፤ ዋጋውም በዋናነት ሥርዓቱ ያድጋል ከሚል ተስፋ የመጣ ነው። ሉና 80 ዶላር በሆነበት ጊዜ አንድ ዩኤስቲ ሲቃጠል፣ ማለትም ከስርጭት ሲሰረዝ፣ 0.0125 ሉና ይፈጠራል። ተቀባዩ ያንን ገበያ ላይ ሸጦ ዶላሩን ያገኛል። ስለዚህ ዶላሩ የሚመጣው ከካዝና ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ሉና ለመግዛት ፈቃደኛ ከሆነ ሰው ኪስ ነው። ንድፉን የወደዱት ሰዎች ካዝና ሳያስፈልግ ዶላር ተፈጠረ ይሉ ነበር፤ በእኔ አመለካከት ካዝናው የነበረ ሲሆን የተሞላው ግን በሉና ገዥዎች ስሜት ነበር።

ይህ ንድፍ በደህና ቀን በትክክል ይሠራል፤ ሰዎችን ያሳሳተውም ይኸው ነው። እንዴት እንደሚሰበር ለማየት ከዩኤስቲ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሕዝብ እናስብ። በሜይ 2022 መጀመሪያ የሉና ዋጋ 80 ዶላር ገደማ፣ ብዛቱ 340 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ 1 ቢሊዮን ዩኤስቲ ቢቃጠል የሚፈጠረው 12.5 ሚሊዮን ሉና ነው፤ ከነበረው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ገበያው ሊውጠው ይችላል። ሉና 5 ዶላር ሲሆን ያው 1 ቢሊዮን ዩኤስቲ ሲቃጠል 200 ሚሊዮን ሉና ይፈጠራል፤ ከነበረው ብዛት ከግማሽ በላይ። 10 ሳንቲም ሲደርስ ደግሞ 10 ቢሊዮን ሉና ይፈጠራል፤ ከመጀመሪያው ብዛት 29 እጥፍ ገደማ። የሚወጣው ዕዳ መጠኑ አልተለወጠም፤ እሱን ለመክፈል የሚታተመው ሉና ግን ዋጋው በወረደ ቁጥር ይበዛል፣ በበዛ ቁጥርም ዋጋው ይወርዳል። ማረጋጊያ ተብሎ የተሠራው ማሽን ከአንድ ነጥብ በኋላ ራሱ የመውደቂያው ሞተር ይሆናል።

ያ ነጥብ የት እንደነበረ አስቀድሞ ሊሰላ ይችል ነበር። በስርጭት ላይ የነበረው ዩኤስቲ 18 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ይህን ለ340 ሚሊዮን ሉና ብናካፍል 53 ዶላር ገደማ ይመጣል። ሉና ከዚያ በታች ሲወርድ የሉና ጠቅላላ የገበያ ዋጋ እንዲመነዝረው ከሚጠበቅበት ዩኤስቲ ያነሰ ይሆናልና፣ ሁሉም ሰው በአንድ ዶላር መውጣት በወረቀት ላይ እንኳ አይቻልም። እውነቱን ለመናገር ወሰኑ ከዚያም ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ሉና በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ማንም የስክሪኑን ዋጋ አያገኝምና። ሉና ያን መስመር ያለፈው ሜይ 9 ቀን ነው።

ሰዉን ወደ ዩኤስቲ የሳበው ምን እንደነበረ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። አንከር የሚባለው የቴራ የማስቀመጫ አገልግሎት ለዩኤስቲ ተቀማጭ በዓመት 19.5 በመቶ ገደማ ይከፍል ነበር። ከ18 ቢሊዮኑ ውስጥ 14 ቢሊዮን የሚሆነው በዚያ ተቀምጦ ነበር። ከአንከር የሚበደሩት ሰዎች የሚከፍሉት ወለድ ይህን አይሸፍንም፤ ልዩነቱ የሚከፈለው ከድጎማ ክምችት ነበር፣ ክምችቱም በፌብሩዋሪ 2022 በ450 ሚሊዮን ዶላር እንደገና ተሞላ። ከአራት ሦስት እጅ የሚሆነው ዩኤስቲ የተያዘው ሊገበያዩበት ሳይሆን ለድጎማው ሲባል ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባለቤት ድጎማው ሊያልቅ ነው ሲባል ወይም ዋጋው ትንሽ ሲነቃነቅ አይዘገይም።

ሜይ 7 ቀን የቴራ ኩባንያ ከርቭ ከሚባለው የስቴብልኮይን መገበያያ 150 ሚሊዮን ዩኤስቲ አወጣ፤ ኮይን ለመለዋወጥ በጋራ ወደሚዋጣበት ሌላ ክምችት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፑል፣ ለማዛወር ነበር። ያን ተከትሎ 85 ሚሊዮን ዩኤስቲ በአንድ ግብይት ወደ ዩኤስዲሲ ተለወጠ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ዋጋው የወረደው ግን ወደ 98 ሳንቲም ከግማሽ ብቻ ነበር፤ ብዙ ሰው እፎይ አለ። እዚህ ላይ የሙያውን አንድ ምስጢር ልግለጥ። በከርቭ ፑል ውስጥ ዋጋውን የሚያሰላው ቀመር ሁለቱ ወገኖች እኩል ባይሆኑም እንኳ ዋጋው ከአንድ ዶላር ብዙ እንዳይርቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አንደኛው ወገን ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ዋጋው በድንገት ይወረወራል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ 99 ሳንቲም እየተነበበ ከፑሉ ውስጥ ዩኤስዲሲውና ቴዘሩ ሊሟጠጥ ይችላል። እኔ ዋጋውን ከማየቴ በፊት የፑሉን ስብጥር አያለሁ። ግማሽ በግማሽ መሆን የሚገባው ፑል ከአምስት አራት እጁ አንድ ኮይን ከሆነ፣ ሰዉ ያንን ኮይን እየጣለ ሌላውን ይዞ እየወጣ ነው፤ ዋጋው ገና አልሰማም።

ሜይ 9 ቀን ዩኤስቲ ከ70 ሳንቲም በታች ወረደ። እዚህ ላይ ብዙ ዘገባ የዘለለውን አንድ ዝርዝር ላንሣ፤ ንድፉ ከምን እንደማያመልጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳያልና። የቴራ መስኮት ፍሬን ነበረው። በአንድ ቀን ከ293 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በላይ ዩኤስቲ ወደ ሉና ሲመነዘር ፕሮግራሙ የሚቆርጠውን ክፍያ እየጨመረ ይሄዳል፤ ዓላማው ሉና በአንድ ጊዜ እንዳይጎርፍ ነው። በቢሊዮን የሚቆጠር ዩኤስቲ ለመውጣት ሲሰለፍ መስኮቱ በጣም ጠበበ፤ በመስኮቱ መውጣት ያልቻለው በገበያ ላይ ባገኘው ዋጋ ይሸጥ ስለነበር ዩኤስቲ ወደ አንድ ዶላር ሊመለስ አልቻለም። ሜይ 11 ቀን መሥራቹ ዶ ክዎን የመስኮቱ አቅም በቀን ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር እንዲሰፋ የቀረበውን ሐሳብ ደገፈ። ችግሩ ሁለቱም በር ወደ አንድ ገደል የሚያወጣ መሆኑ ነው፦ መስኮቱ ጠባብ ከሆነ ዩኤስቲ ከዶላር ይለያል፣ ከሰፋ ሉና በጎርፍ ይታተማል። በመጠባበቂያ የሚደገፍ አውጪ መስኮቱን በሰፊው ሲከፍት ዕዳውና ሀብቱ እኩል ይቀንሳሉ፤ እዚህ ግን ዕዳው ሲቀንስ ሀብት የተባለው ከዚያ በፈጠነ ፍጥነት ይተናል። ከ340 ሚሊዮን የተነሣው የሉና ብዛት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ6 ትሪሊዮን በላይ ደረሰ፤ ሜይ 12 ቀን ብሎክቼኑ ራሱ እንዲቆም ተደረገ።

«መጠባበቂያ ቢትኮይን ነበራቸው እኮ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሉና ፋውንዴሽን ጋርድ የሚባለው ተቋም ከ80 ሺህ በላይ ቢትኮይን ነበረው፣ በዚያ ሳምንት ሁሉንም ለማለት በሚቻል ደረጃ አውጥቶ 313 ብቻ ቀረው። በዚያን ጊዜ ዋጋ ያ ክምችት ከዩኤስቲው ስድስተኛ እጅ ገደማ የሚሸፍን ነበር፤ እሱም ቢሆን ገበያው ሲደነግጥ አብሮ የሚወርድ ሀብት ነው። ከፊል መጠባበቂያ ወለል አይሆንም፤ ፈጥነው ለሮጡት በሙሉ ዋጋ የሚከፈል መሸኛ ነው።

ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሜይ 2021፣ ዩኤስቲ ወደ 92 ሳንቲም ገደማ ወርዶ ተመልሶ ነበር። ኩባንያው ያን ጊዜ ሥርዓቱ ራሱን በራሱ ፈወሰ ብሎ አስታወቀ፤ ብዙ ሰው የተማመነውም በዚያ ነው። በኋላ በፍርድ ቤት እንደተገለጠው ዋጋውን የመለሰው አልጎሪዝሙ አልነበረም፤ አንድ የንግድ ድርጅት ሕዝብ ሳያውቅ ብዙ ዩኤስቲ ገዝቶ ነው። በኤፕሪል 2024 የኒው ዮርክ ዳኞች ጉባኤ ኩባንያውንና ዶ ክዎንን በማጭበርበር ተጠያቂ አደረገ፤ በኦገስት 2025 ደግሞ ዶ ክዎን በወንጀል ችሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ። ከዚህ የሚወሰደው ሙያዊ ትምህርት አንድ ነው፤ «ከዚህ በፊት ተናግቶ ተመልሷል» የሚለው ማስረጃ የሚሆነው ማን በምን ገንዘብ እንደመለሰው ሲታወቅ ብቻ ነው።

በመጠባበቂያ በሚደገፈውና በዩኤስቲ ዓይነቱ መካከል እንደ ዳይ ያሉ በክሪፕቶ መያዣ የሚፈጠሩ አሉ። ባለቤቱ ኢተር ከሚባለው ክሪፕቶ ገንዘብ የ150 ዶላር መያዣ አስይዞ 100 ዳይ ይበደራል፣ መያዣው ሲቀንስ በጨረታ ይሸጣል። መያዣው ከዕዳው በላይ ስለሆነ ከዩኤስቲ በእጅጉ የተሻለ ነው፤ ድክመቱ ዋጋ በፍጥነት በሚወርድበት ሰዓት ጨረታው ገዥ ማጣቱ ነው፣ በማርች 12 ቀን 2020 አንዳንድ መያዣዎች በዜሮ ዋጋ ተሸጠዋል። ኋላ ላይ ዳይ በዩኤስዲሲ አንድ ለአንድ መለወጥ ሲጀምር ደግሞ የዩኤስዲሲን ጠባይ ወረሰ፤ በማርች 2023 አብሮ ወርዷል።

ወደ ቀረበልዎ ኮይን እንመለስ። የሚያቀርብልዎትን ሰው ስለ አልጎሪዝሙ ብልጫ አይጠይቁት። ኮይኑን የመለሰ ሰው ምን እንደሚቀበል ይጠይቁት። መልሱ የዚያው ሥርዓት ሌላ ኮይን ከሆነ፣ የዚያን ኮይን ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ከስቴብልኮይኑ ብዛት ጋር ያነጻጽሩ፤ ሁለት እጥፍ እንኳ ቢሆን ለእኔ ምቾት አይሰጠኝም፣ በድንጋጤ ቀን ግማሹ በአንድ ሌሊት ይጠፋልና። ቀጥለው ወለዱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። የአጭር ጊዜ የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ከሚከፍለው በላይ የሆነ ወለድ ሁሉ ከአንድ ተበዳሪ፣ ከአንድ የንግድ ስልት ወይም ከድጎማ የመጣ ነው። ተበዳሪውን ወይም ስልቱን ሊያሳዩዎት ካልቻሉ ሦስተኛው ነው።

መልሱ ዶላርና የግምጃ ቤት ሰነድ ነው ከተባለ ደግሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው። የመጠባበቂያ መግለጫ ብዙ ጊዜ ሙሉ ኦዲት አይደለም፤ የሒሳብ ባለሙያው በአንድ በተወሰነ ቀን የነበረውን ይመሰክራል እንጂ በሌሎቹ ቀናት ስለነበረው አይናገርም። በመግለጫው ውስጥ የሰነዶቹ መክፈያ ጊዜ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ምን ያህሉ በባንክ ተቀማጭ እንዳለና በስንት ባንክ እንደተከፋፈለ፣ ብድር ወይም ወርቅ ወይም ቢትኮይን ተቀላቅሎ እንደሆነ ይፈልጉ። በጁላይ 2025 የተፈረመው የአሜሪካ ሕግ በዚያ ሀገር የሚያወጡ ድርጅቶች አንድ ለአንድ መጠባበቂያ በጥሬ ገንዘብ፣ በተቀማጭና እስከ 93 ቀን በሚደርሱ የግምጃ ቤት ሰነዶችና በመሳሰሉት እንዲይዙ ያስገድዳል፣ አውጪው ራሱ ለባለቤቱ ወለድ እንዳይከፍልም ይከለክላል። ይህ የመጀመሪያውን የመውደቂያ መንገድ በእጅጉ ያጠብበዋል። ሁለተኛውን ግን አይዘጋውም፤ ተቀማጭ ያለበት ባንክ ዓርብ ማታ ሊዘጋ ይችላል፣ ኮይኑ ቅዳሜ ሲገበያይ መስኮቱ እስከ ሰኞ አይከፈትም። እርስዎም ከአውጪው ጋር ውል የሌለዎት፣ ኮይኑን በግብይት መድረክ ላይ የያዙ ሰው ስለሆኑ፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚፈልጉትን ገንዘብ በዚህ ቅርጽ ባያስቀምጡት ይሻላል፤ በማርች 2023 ሰኞን መጠበቅ ያልቻለ ሰው በኪሳራ ለመሸጥ ይገደድ ነበር።